ቀዩ ፊደል ለምን ቡናማ ሆነ? ሰማዩስ ለምን በካሬ ተከፋፈለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ውስጥ ላለ የስፌት ሱቅ ፖስተር ሠርቼ ነበር። ከላይ የጁገል ግንብና ሰማይ የሚታይበት ፎቶ አለ፤ ከታች አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ። ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ያለ ነው። ኢንተርኔቱ ስለሚንቀራፈፍ ወርዱን ወደ 800 ፒክስል አሳንሼ፣ በጄፔግ ጥራት 30 አስቀምጬ፣ ድሬዳዋ ላለ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላክሁት። በኤ3 ታትሞ ሲመጣ ቀዩ ፊደል ቡናማ ሆኖ ተደበላልቋል፤ ሰማዩም በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሏል። ማተሚያ ቤቱ «ችግሩ ፋይልህ ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በማስመሪያ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የኤ3 ወርድ 297 ሚሊሜትር ነው። 800 ፒክስል እዚያ ላይ ሲዘረጋ አንዱ ፒክስል 0.37 ሚሊሜትር ገደማ ይይዛል። ጄፔግ ምስሉን የሚያምቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ቆራርጦ ስለሆነ፣ አንዱ ብሎክ ወረቀቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። ሰማዩ ላይ ያሉትን ካሬዎች ይለኩ። 3 ሚሊሜትር ከመጡ ካሬው ወረቀቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የማተሚያ ማሽኑ ጭንቅላት ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የሚያዩት ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስመር እንጂ ካሬ አይሆንም። ከፊደሎቹ አጠገብ ያለውን የቀለም መደፍረስም ይለኩት፤ እዚያ 6 ሚሊሜትር የሆኑ ካሬዎች ቢያገኙ አይገረሙ። ለምን እጥፍ እንደሆነ ከታች ይመጣል።

ከፊደሉ እንጀምር፤ ምክንያቱም እርስዎ የመረጧቸው ሁለት ቀለሞች ለጄፔግ ከከፉት ጥምረቶች አንዱ ናቸው። ጄፔግ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን እንዳሉ አያስቀምጥም። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ፒክስል ብርሃን ለብቻው ያወጣል፤ ቀለሙን ደግሞ በሁለት ሌሎች ቁጥሮች ይይዛል። ብርሃኑ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
Y = 0.299 R + 0.587 G + 0.114 B
```

ከዚያ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ያስቀራል፤ ቀለሙን ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 በ2 ለሆኑ አራት ፒክስሎች አንድ አማካይ ብቻ ይይዛል። በፕሮግራሞች ላይ 4:2:0 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት በጥቃቅኑ ይለያል፣ የቀለምን ልዩነት ግን በደፈናው ስለሚያይ፣ ለፎቶ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ አያስታውቅም። የግንቡ ድንጋይ የሚታየው በብርሃንና በጥላ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም።

ጽሑፍዎ ግን ሌላ ነው። ቀዩ 255, 0, 0 ነው እንበል፤ ብርሃኑ 76 ይወጣል። መደቡ 0, 130, 0 የሆነ አረንጓዴ ነው እንበል፤ የእሱም ብርሃን 76 ነው። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቢቀይሩት ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል። ፊደሉን ከመደቡ የሚለየው ቀለም ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጄፔግ አማካይ አድርጎ የሚያስቀረው ደግሞ ያንኑ ቀለም ነው። በአንድ 2 በ2 ቡድን ውስጥ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ አማካዩ በግምት 127, 65, 0 ይሆናል። ያ ቡናማ ነው። ወረቀቱ ላይ ያዩትም እሱን ነው።

ሌላም ነገር አስተውለው ይሆናል፦ አንዱ ፊደል ደህና ሆኖ፣ ያው ፊደል ሌላ ቦታ ላይ ተበላሽቶ። ምክንያቱ አቀማመጥ ነው። የፊደሉ ቋሚ ጭረት ውፍረቱ 2 ፒክስል ሆኖ ከቡድኑ ጋር በትክክል ቢገጥም ቀይ ሆኖ ይተርፋል። በአንድ ፒክስል ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት ግን ግማሹ በግራ ቡድን፣ ግማሹ በቀኝ ቡድን ይወድቅና አራት ፒክስል ስፋት ያለው ቡናማ ይሆናል። ይህ በእኛ ፊደል ላይ የባሰ ጉዳት አለው። ሱን ከሲ የሚለየው ትንሿ ቅጥያ በቀኝ እግሩ መሐል ላይ መሆኗ ወይም ግርጌው ላይ መሆኗ ነው። ያቺ ቅጥያ ስትፈስ አንባቢው የሚያየው ሰ ብቻ ነው፤ ቃሉ ይለወጥበታል።

ቀለሙ በሁለቱም አቅጣጫ በግማሽ ከተቀነሰ በኋላ እሱም በተራው 8 በ8 ይቆረጣል። ግማሽ በሆነ ምስል ላይ 8 ማለት በዋናው ምስል ላይ 16 ነው። 6 ሚሊሜትር ያልኩት ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥራት 30። በየብሎኩ ያሉት 64 ፒክስሎች ወደ 64 ቁጥሮች ይቀየራሉ፤ የመጀመሪያው የብሎኩ አማካይ ሲሆን ሌሎቹ ከሰፊ ሞገድ እስከ ደቃቅ ሞገድ ያለውን ለውጥ ይለካሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር ለሱ በተመደበ አካፋይ ይካፈልና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። መረጃ ለዘለቄታው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የጥራት ቁጥሩም የሚያዘው እነዚህን አካፋዮች ነው። በብዙ ነጻ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚሠራው libjpeg ጥራት 30 ላይ ለአብዛኞቹ የቀለም ቁጥሮች 164ን አካፋይ ያደርጋል። ስለዚህ ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ከ82 ያነሰው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። የፊደልዎ ጠርዝ በቀለም ብቻ የተሠራ ስለነበር በመጀመሪያ በአማካይ ተደበላለቀ፤ ቀጥሎ ከቀረው ላይ ደቃቁ ተጠረገ።

ሰማዩን የከፋፈለውም ይኸው መጠጋጋት ነው፤ እዚያ ግን ጥፋተኛው የብርሃኑ አማካይ ነው። ጥራት 30 ላይ የአማካዩ አካፋይ 27 ሲሆን፣ ያ ቁጥር የተቀመጠው በ8 ተባዝቶ ስለሆነ የብሎኩ ብርሃን የሚዘለው በ3.4 ደረጃ ነው። ሰማዩ ከአድማስ ወደ ላይ በ20 ፒክስል አንድ ደረጃ እየጠቆረ ይሄዳል እንበል። በአንድ ብሎክ ውስጥ ያለው ለውጥ ግማሽ ደረጃ እንኳ ስለማይሞላ ተጠጋግቶ ይጠፋና ብሎኩ አንድ ወጥ ይሆናል። ቀጣዮቹም ብሎኮች ያንኑ ዋጋ ይዘው ወደ 68 ፒክስል ያህል ይሄዳሉ፤ ከዚያ በድንገት 3.4 ደረጃ ይዘላሉ። በዝላዩ ድንበር ላይ የካሜራው ትንሽ ነጠብጣብ አንዱን ብሎክ ወደ ላይ፣ ጎረቤቱን ወደ ታች ስለሚገፋው የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ነገር ይታያል። ጥራት 90 ላይ አካፋዩ 3 ብቻ ነው፤ ዝላዩ 0.4 ደረጃ ስለሚሆን ዓይን አያገኘውም። ግንቡ በዚያው ጥራት 30 ደህና የሚመስለው የድንጋዩ ሸካራነት ድንበሮቹን ስለሚሸፍናቸው ነው፤ ስለዚህ ፋይልን ሲገመግሙ ሁልጊዜ ለስላሳውን ቦታ ይመልከቱ።

የተበላሸውን ጄፔግ ከፍቶ በጥራት 95 እንደገና ማስቀመጥ ምንም አይመልስም፤ ካሬዎቹን በከፍተኛ ጥራት ይጠብቃቸዋል እንጂ። ወደ መነሻው ሥራ ይመለሱ። መጀመሪያ መጠኑን ያስተካክሉ፦ 800 ፒክስል በኤ3 ላይ በኢንች 68 ብቻ ነው። ከእጅ ርቀት ለሚነበብ ፖስተር ቢያንስ በኢንች 150 ያስፈልጋል፤ ያ 1754 በ2480 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ መነሻውን በፒኤንጂ አውጥተው፣ ጄፔግ የግድ ከሆነ፣ ImageMagick በሚባለው ፕሮግራም ቀለሙ እንዳይቀነስ አድርገው ያስቀምጡት፦

```
magick poster.png -sampling-factor 4:4:4 -quality 92 poster.jpg
magick identify -format "%Q %[jpeg:sampling-factor]\n" poster.jpg
```

ሁለተኛው ትእዛዝ 92 እና 1x1,1x1,1x1 ካወጣ ቀለሙ ሙሉ ነው። 2x2,1x1,1x1 ካወጣ 4:2:0 ሆኗል። በGIMP ሲያስቀምጡ Subsampling የሚለውን 4:4:4 ያድርጉት። በPhotoshop በSave As ከ0 እስከ 12 ባለው መለኪያ 6 እና ከዚያ በታች ቀለሙን ይቀንሳል፤ 7 እና ከዚያ በላይ አይቀንስም። የአንዱ ፕሮግራም 80 ከሌላው 80 ጋር እኩል ስላልሆነ በቁጥሩ ብቻ አይተማመኑ።

ስትልኩ የሚፈጠረውንም አይርሱ። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል እንደገና አምቆ ነው የሚያስተላልፈው፤ እርስዎ 4:4:4 ብለው ያስቀመጡት እዚያ ሊፈርስ ይችላል። File በሚለው ይላኩት። ማተሚያ ቤቱ የተቀበለውን ፋይል መልሶ እንዲልክልዎ ጠይቀው በሁለተኛው ትእዛዝ ቢፈትሹት ጥርጣሬ አይኖርም።

እኔ ብሆን ግን ጽሑፉን ከጄፔግ ውጭ አደርገው ነበር። ፎቶው ብቻ ጄፔግ ሆኖ፣ መደቡና ፊደሉ በፒዲኤፍ ውስጥ በቅርጽነት ይቀመጡ። በCorelDRAW ጽሑፉን መርጠው Ctrl+Q ሲጫኑ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል፤ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር የእርስዎ የአማርኛ ፎንት ባይኖረውም አይበላሽም። ከመቀየርዎ በፊት ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ያስቀሩ። እንዲህ ከሆነ ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍና የፎቶውን ጥራት ወደ 80 ቢያወርዱት እንኳ ፊደሉ አይነካም።

የቀለም ምርጫውንም ያስቡበት፤ ፖስተሩን የሚያዩ ሰዎች በስልክ ፎቶ እያነሱ ስለሚቀባበሉት መልሶ 4:2:0 መሆኑ አይቀርም። ቢጫ 255, 255, 0 ብርሃኑ 226 ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ 0, 100, 0 ደግሞ 59። እዚህ ፊደሉ በብርሃኑ ስለሚቆም ቀለሙ ቢደበላለቅ እንኳ ይነበባል። ደንበኛው ቀዩን አልለቅም ካለ በፊደሉ ዙሪያ ቢያንስ 4 ፒክስል ውፍረት ያለው ነጭ ጠርዝ ይስጡት።

መነሻው ፋይል ጠፍቶ ከሆነና ያለዎት ያ ጄፔግ ብቻ ከሆነ፣ ጽሑፉን በመደብ ቀለም ሸፍነው እንደገና ይጻፉት። ሰማዩን ብቻ መርጠው ከ8 ፒክስል በሚሰፋ ማደብዘዣ ያለስልሱትና በላዩ ላይ በጣም ትንሽ ነጠብጣብ ይጨምሩ፤ ካሬው ይጠፋል፣ ነጠብጣቡም አዲስ ደረጃ እንዳይታይ ያደርጋል። ግንቡን ግን አይንኩት፤ ማደብዘዣው ድንጋዩን ይበላዋል።