«ሚንት» ብዬ የሸጥኩት ሸክላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ትቶልኝ ካለፈው ሸክላዎች አንዱን፣ የአምሃ ሪከርድስን ትንሽ ሸክላ፣ በኢንተርኔት በ400 ዶላር ሸጥኩ። ማስታወቂያው ላይ «ሚንት፤ ድምፁ የሚገርም፤ የሚሸጠው እንዳለ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ገዢው ባልቲሞር ነው ያለው። በደረሰው በሦስተኛው ቀን «ሽሽ ይላል፣ ጭረት አለው፣ ስምም ተጽፎበታል፤ ገንዘቤን መልሺ፣ አለዚያ እከስሻለሁ» አለኝ። የአባቴ ስም መጻፉ በፎቶው ላይ ይታያል። እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ሚንት ያልኩትም ንጹሕ ነው ለማለት ነው። የመመለስ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላለሳልስ ልንገርዎት። እንደጻፉልኝ ከሆነ ገዢው ያሸንፋል ብዬ አስባለሁ። የሚያስሸንፈው ጭረቱ አይደለም። ጭረት ያለበት ሸክላ መሸጥ ማንንም አያስጠይቅም። የሚያስሸንፈው «ሚንት» የሚለው ቃል ነው።

ሸክላ ሰብሳቢዎች ይህን ቃል እንደ ሙገሳ አይሰሙትም። ለእነሱ ደረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙው ገበያ የሚሄደው ጎልድማይን የተባለው የሸክላ ሰብሳቢዎች መጽሔት ባወጣው መለኪያ ነው። ከላይ ሚንት አለ፤ ከዚያ ኒር ሚንት፣ ቬሪ ጉድ ፕላስ፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ እያለ ይወርዳል፤ ታች ፌርና ፑር አሉ። ሚንት ማለት አንዳች እንከን የሌለው፣ ምናልባትም ጨርሶ ተጫውቶ የማያውቅ ሸክላ ነው። ጠንቃቃ ሻጮች ይህን ደረጃ አይደፍሩትም፤ ኒር ሚንት ላይ ይቆማሉ።

የታችኞቹ ስሞች ደግሞ አዲስ ሻጭን ያሳስታሉ። «ጉድ» የተባለ ሸክላ ሳይዘል ይጫወታል እንጂ ጫጫታው ብዙ ነው። «ፌር» ሲሉ የተሰነጠቀ ወይም ክፉኛ የተጣመመ ሊሆን ይችላል። «ኤክሰለንት» ከላይ ከቆጠርኳቸው ስሞች ውስጥ የለም። የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ግን ከሚንት ቀጥሎ ላለው ደረጃ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ አንዱ ሻጭ እንዲሁ ለማሞገስ የጻፈውን ሌላው ገዢ እንደ ደረጃ ሊያነበው ይችላል።

አሁን ወደ ሕጉ። ሜሪላንድም ሆነች ሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የዕቃ ሽያጭን የሚመሩት ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ በሚባለው የንግድ ሕግ ነው። አንቀጽ 2-313 እንዲህ ይላል፤ ሻጩ ስለ ዕቃው የሰጠው መግለጫ የስምምነቱ መሠረት አካል ከሆነ፣ ዕቃው ከመግለጫው ጋር እንደሚገጥም ዋስትና ሰጥቷል። «ዋስትና እሰጣለሁ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። ዋስትና የመስጠት ሐሳብ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ስለዚህ «ንጹሕ ነው ማለቴ ነው» የሚለው መከላከያ ብዙ አያስኬድም። ቃሉ የሚተረጎመው በዚያ ገበያ ልማድ ነው።

በአንጻሩ የሻጭ አስተያየት ብቻ የሆነ ንግግር ዋስትና አይሆንም። «ድምፁ የሚገርም» ያሉት በዚህ ይታለፋል። ለአንዱ የሚገርመው ሌላውን ላይገርም ይችላል፤ ዳኛም ሊለካው አይችልም። ሚንት ግን ይለካል።

በዚህ ላይ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 የሰጠው ውሳኔ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ የአልማዝ አምባር በ15,000 ዶላር ይሸጣል። ከአምባሩ ጋር በሰጠው የግምት ወረቀት ላይ የአልማዞቹን የጥራት ደረጃ በከፍተኛ መደብ ጽፎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲያየው አልማዞቹ ከዚያ ደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። ነጋዴው «የእኔ አስተያየት ነበር» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን የደረጃ ስም የዕቃው መግለጫ ነው፣ ስለዚህም ዋስትና ነው አለ። ውሳኔው የሜሪላንድን ዳኛ አያስገድድም። የሚተረጉመው አንቀጽ ግን ያው ነው።

«ነጋዴ አይደለሁም» ያሉት በከፊል ይረዳዎታል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ይበቃል የሚል ዋስትና በሕግ ሳይነገር የሚጫነው በዚያ ዕቃ በሚነግድ ሰው ላይ ብቻ ነው። በራስዎ ቃል የሰጡት ዋስትና ግን ነጋዴም ባይሆኑ ይይዝዎታል። «እንዳለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። እሱ ቢያስቀርም ያልተነገሩትን ዋስትናዎች ብቻ ነው። በአንድ ማስታወቂያ ላይ «ሚንት» እና «እንዳለ» ሲጋጩ ሚንት የሚለው ይጸናል።

ፎቶው ግን አንድ ነገር ያተርፍልዎታል። የአባትዎ ስም በግልጽ ከታየ፣ ገዢው ጽሑፍ የለበትም ብዬ ነው የገዛሁት ለማለት ይቸገራል። ድምፁን ግን ፎቶ አያሳይም።

ስንት ይጠየቃሉ? ሁለት መንገድ አለ። ገዢው በጊዜ አልቀበልም ካለና ሸክላውን ከመለሰ፣ የከፈለውን ሙሉ 400 ዶላርና የመላኪያውን ወጪ ይጠይቃል። ሦስት ቀን በጊዜ ነው። አንዴ አጫውቶ መሞከሩም መመርመር ነው እንጂ መቀበል አይደለም። ሸክላውን ይዞ ካስቀረ ደግሞ አንቀጽ 2-714 ልዩነቱን ይሰጠዋል፤ ሸክላው እንደተባለው ቢሆን ኖሮ ከሚያወጣው ላይ አሁን ያለበት ሁኔታ የሚያወጣው ይቀነሳል።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ እናስላው። በጥፍር ሲነኩት የሚሰማ ጭረት፣ መግቢያውና ማለቂያው ላይ የሚሰማ ሽሽታ፣ መሃሉ ላይ ባለው የወረቀት ልጣፍ ላይ ጽሑፍ፤ እነዚህ የቬሪ ጉድ ምልክቶች ናቸው። በጎልድማይን ልማድ ቬሪ ጉድ ፕላስ የኒር ሚንትን ግማሽ፣ ቬሪ ጉድ ደግሞ ሩቡን ያህል ያወጣል። 400 ዶላር የንጹሑ ዋጋ ነው ብንል፣ ይህ 100 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱም 300 ዶላር። ይሁን እንጂ ሩቡ ግምት ነው። አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ያሳተመው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ብቻ ነው፤ የታተሙትም እስኪያልቁ ተጫውተዋል። እንዲህ ብርቅ የሆነ ሸክላ በዝቅተኛ ደረጃም ፈላጊ አያጣም። ስለዚህ 300 እንዲመልሱ ከተጠየቁ፣ በቅርቡ በቬሪ ጉድ ደረጃ የተሸጡ ተመሳሳይ ሸክላዎችን ዋጋ አውጥተው ይከራከሩ።

እኔ ብሆን ሙሉውን እመልሳለሁ። ሸክላው በእጅዎ ይቆያል፤ በትክክለኛ ቃል እንደገና ይሸጡታል። ለገዢው ዛሬ በጽሑፍ ይመልሱለት። ሸክላውን በመከታተያ ቁጥር ይላክ፤ ገንዘቡን የሚመልሱት ደርሶ ካዩት በኋላ ይሁን። የሸጡበት ድረ ገጽ የራሱ የመመለሻ ደንብና ቀነ ገደብ ካለው እሱን ይከተሉ። ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት ከልጣፉ ቀጥሎ ባለው ባዶ ክብ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። ከራስዎ ፎቶ ጋር ያመሳክሩት። የአባትዎ ጽሑፍ ያው መሆኑንም ይዩ። ሌላ ያረጀ ቅጂ የሚመልስ ገዢ አይጠፋም።

የቀሩትን ሲሸጡ ሁሉንም ያጫውቷቸው። በዓይን ብቻ ያዩትን «አይቼው እንጂ አላጫወትኩትም» ብለው ይጻፉ። ለሸክላውና ለሽፋኑ ለየብቻ ደረጃ ይስጡ። ለዚህኛው እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «በጎልድማይን ቬሪ ጉድ። ተጫውቷል፤ አይዘልም። መግቢያው ላይ ሽሽ ይላል። አንድ ጭረት በጥፍር ይሰማል። ልጣፉ ላይ ስም ተጽፎበታል፤ ፎቶውን ይመልከቱ።»

ገዢው የሚመለሰውን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ከከሰሰም፣ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ሜሪላንድ ውስጥ በዲስትሪክት ኮርት በአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት ይታያል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ማስታወቂያውን፣ ፎቶዎቹን፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አትመው ይዘው ይሂዱ። ለመመለስ ፈቃደኛ መሆንዎን የጻፉበትን መልእክት ከሁሉ በላይ ያድርጉት።