ቤት ሲያልቅባችሁ

የዘፈን ግጥም እንድመለከትላችሁ የምትልኩልኝ ልጆች፣ አዝማቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሽበትን ቦታ ልንገራችሁ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስንኝ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ከልብ ይመጣል። ሁለተኛው ጥሩ ቤት ያገኛል። ከዚያ ቤት ያልቃል። ያኔ ቤት የሚመታ ቃል ከየትም ተጎትቶ ይመጣና ዘፈኑ ስለ ምን እንደነበር ይረሳል።

አንድ ቃል ይዘን እንሂድ። ቃሉ «እንቅልፍ» ይሁን። ሰውዬው ፍቅረኛው ሄዳበት እንቅልፍ አጥቷል፤ ዘፈኑ በቃ ይኸው ነው። አድማጭ ይዞት የሚሄደው ይህን ቃል ስለሆነ ስንኙ መጨረሻ ላይ፣ ዜማው በሚያርፍበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሌሎቹ ስንኞች ለእሱ ቤት መምታት አለባቸው።

አሁን ቤት ፈልጉለት። ቁልፍ፣ ጥልፍ፣ እልፍ፣ ግልፍ። ከዚህ በኋላ ብዙም አይዘልቅም። «ሰልፍ» እና «ያልፍ» ትሉኝ ይሆናል፤ እነሱ ላይ እመለሳለሁ። ባለው ቃል ብቻ የተጻፈ አዝማች ይህን ይመስላል፦

ከሄድሽ ጀምሮ አጣሁ እንቅልፍ
የዐይኔ መዝጊያ ጠፍቶበታል ቁልፍ
ትዝታሽ ቆሟል ሌሊቱን በሰልፍ
ቀሚስሽ ላይ ነው ያ የአበባ ጥልፍ

ሁለተኛው ስንኝ ደህና ነው። ሦስተኛው ትንሽ ያንገራግራል፤ አንድ ትዝታ እንዴት ብሎ ነው የሚሰለፈው? አራተኛው ግን ምን ሊሠራ መጣ? ሰውዬው እንቅልፍ አጥቶ ሳለ ስለ ቀሚስ ጥልፍ የሚያወራው «ጥልፍ» ቤት ስለመታ ብቻ ነው። አድማጭ ምክንያቱን ባይናገረውም ይሰማዋል። ስንኙ ሲያልቅ ጆሮው ይረካል፣ ልቡ ግን ውጪ ቀርቷል።

ያኔ ነው ተቀራራቢ ቤት የሚያስፈልገው። ሙሉ በሙሉ የማይመታ፣ ግን ጆሮ ዘመድነቱን የሚያውቅለት ቃል ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘመዱን በዓይን ስለሚፈልግ ነው።

የለመድነው ደንብ የመጨረሻው ፊደል ይመሳሰል ይላል። ፊደሉ «ና» ወይም «ሉ» ሲሆን ደንቡ ግሩም ነው፤ ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ላይ ተጽፏልና። «እንቅልፍ» ግን የሚያልቀው በሳድስ ነው። የመጨረሻዋ «ፍ» ከኋላዋ አናባቢ የላትም። ብቻዋን ትንሽ ትንፋሽ ናት። ጆሮ የሚይዘው ከእሷ በፊት ያለውን ነው። ለዚህ ነው «ምዕራፍ» እና «ደጃፍ» ወረቀት ላይ ከ«እንቅልፍ» ጋር አንድ ፊደል እየተጋሩ ሲዘፈኑ ባዕድ የሚሆኑት። እዚያ የሚጎላው «ኣ» ነው፤ «እንቅልፍ» ውስጥ ደግሞ ያቺ አጭር «እ» ናት።

የባሰው ወጥመድ «ልብ» ነው። አንድ ልጅ «እንቅልፍ» እና «ልብ» ያስጠጋል። በፊደል ሲታይ ልፍ፣ ልብ፤ ከዚህ በላይ የሚቀራረብ የት ይገኛል? አፋችሁን ከፍታችሁ በሉት እስቲ። «እንቅልፍ» ስትሉ አናባቢዋ የምትሰማው ከ«ል» በፊት ነው፣ «ቅ» ላይ። «ልብ» ስትሉ ግን ከ«ል» በኋላ ነው፣ «ብ»ም ጠብቃ ትነበባለች። ፊደላችን ሳድስ መቼ አናባቢ እንደሚይዝና መቼ እንደማይዝ አያሳይም፤ መጥበቅና መላላትንም አያሳይም። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ቃሉን እንደተጻፈ ሳይሆን እንደሚሰማ ጻፉት። የ«እንቅልፍ» ጅራት ሦስት ነገር ነው፦ አጭር «እ»፣ ከዚያ ል፣ ከዚያ ፍ።

ይህን ካወቃችሁ ሥራው ቀላል ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ትይዛላችሁ፣ አንዱን ትለቃላችሁ። የምትለቁትንም ወደ ቅርብ ዘመዱ ብቻ ነው የምትቀይሩት።

በመጀመሪያ የመጨረሻዋን «ፍ» ልቀቋት። «ፍ» የከንፈር ድምፅ ናት። ከንፈር ላይ የሚሠሩ ሌሎች «ብ» እና «ም» አሉ። «እ» እና «ል» ባሉበት ይቆዩና መጨረሻው «ም» ይሁን። «ሕልም»! እንቅልፍ ላጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል ማን ይሰጠዋል? ሙሉ ቤት ብቻ ብንፈልግ ኖሮ ይህን ቃል አናገኘውም ነበር፤ መጨረሻው «ም» ስለሆነ ገና ከሩቁ እናልፈዋለን።

ቀጥሎ መሃሉን ልቀቁ። «ል» በምላስ ጫፍ የምትሠራ ናት፤ «ር» እና «ን» ጎረቤቶቿ ናቸው። «እ» እና «ፍ» ይቆያሉ። ትርፍ፣ ክንፍ፣ ጽንፍ፣ ዝንፍ ታገኛላችሁ። በፊደል ደንቡማ እነዚህ ድሮም ቤት ይመታሉ። በጆሮ ሲመዘኑ ግን ተቀራራቢ ናቸው፤ ጥሩ ተቀራራቢ።

ሦስተኛው መንገድ አናባቢውን መልቀቅ ነው። «ሰልፍ» እና «ያልፍ» እዚህ ይገባሉ። ሁለቱም «ልፍ» አላቸው፤ አንዱ ግን የሚከፈተው በ«ኧ»፣ ሌላው በ«ኣ» ነው። ይህን መንገድ በዘፈን ብዙም አልወደውም። ምክንያቱም ዘፋኝ ድምፁን የሚጎትተው አናባቢ ላይ ነው። ኖታው ሁለት ምት ከቆየ ሁለቱንም ምት አድማጭ የሚሰማው አናባቢውን ነው፤ ተነባቢው መጨረሻ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ «እንቅልፍ» እና «ያልፍ» በተጎተተ ዜማ ላይ እያደር ይራራቃሉ፣ «እንቅልፍ» እና «ሕልም» ግን ይቀራረባሉ። ስንኙ ቶሎ ቶሎ የሚባል ከሆነ፣ እንደ ራፕ፣ ነገሩ ይገለበጣል። አናባቢው የሚቆይበት ጊዜ ስለሌለው «ልፍ» የሚለው ጥምረት ይጎላል፣ «ሰልፍ»ም ያስኬዳል። ስለዚህ ዜማውን ሳትሰሙ ይህ ቤት ይሆናል አይሆንም ብላችሁ አትከራከሩ።

አሁን አዝማቹን እንደገና እንጻፈው።

ከሄድሽ ጀምሮ አጣሁ እንቅልፍ
የዐይኔ መዝጊያ ጠፍቶበታል ቁልፍ
ሳልተኛ ደግሞ አትመጪ በሕልም
ወዳለሽበት ከየት ላምጣ ክንፍ

ጥልፉ ሄደ፣ ሰልፉም ተበተነ። አሁን እያንዳንዱ ስንኝ ስለዚያው ሌሊት ነው የሚያወራው። («አትመጪ» ሳይሆን «አትመጪም» ነው የሚባለው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግጥም «ም»ን እንዲህ መጣል ድሮም ልማዱ ነው።)

ግን አንድ ነገር ቀርቷል። አዝማቹ በሙሉ ቤት ተጀምሮ በተቀራራቢ ቤት ነው ያለቀው። ጆሮ መጀመሪያ «እንቅልፍ፣ ቁልፍ» ሲሰማ ደንቡን ይማራል፤ ከዚያ «ሕልም» ሲመጣ ደንቡ የፈረሰ ይመስለዋል። ዘፈኑ ሲዘጋ የተሸራረፈ ነገር ይሰማል። መፍትሔው አዲስ ቃል አይደለም፤ ስንኞቹን መገልበጥ ነው።

ወዳለሽበት ከየት ላምጣ ክንፍ
ሳልተኛ ደግሞ አትመጪ በሕልም
የዐይኔ መዝጊያ ጠፍቶበታል ቁልፍ
ከሄድሽ ጀምሮ አጣሁ እንቅልፍ

አሁን ከሩቅ ወደ ቅርብ ይመጣል። «ክንፍ» እና «ሕልም» ላላ ብለው ይይዛሉ፤ «ቁልፍ» ጠበቅ ያደርጋል፤ «እንቅልፍ» ይዘጋል። ላላ ያለው ቤት ቀድሞ ስለመጣ ጆሮ እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ገና ምንም ደንብ አልተማረምና። በዚያ ላይ ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ብቻውን ቀረ።

ሆን ብላችሁ ሳይዘጋ መተው ብትፈልጉ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል ያዙ። ዘፈኑ ስለማያልቅ ሌሊት ከሆነ ያልተዘጋ አዝማች ያምርበታል። እኔ ለዚህኛው የተገለበጠውን እመርጣለሁ። ብቻ ተቀራራቢ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ አታስገቡ። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ ሲመታ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላላ ካለ ሰው «ቃል አጥቶ ነው» ይላል። ሁለት ሦስት ቦታ ከመጣ ግን አጻጻፉ እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል። በእኛ አዝማች ሁለት ናቸው፤ ከአዝማቹ ውጪ ባሉት ስንኞች ውስጥም አንድ ሁለት ጣል አድርጉ።

አቋራጭም አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። «እንቅልፍ»ን «እንቅልፌ» ብትሉት የቤት ጎርፍ ይመጣል፦ አልፌ፣ ተርፌ፣ አርፌ፣ ጽፌ፣ ክንፌ። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው መፍትሔ እሱ ነው፣ በተለይ ዜማው በክፍት አናባቢ ማለቅ ከፈለገ። ጣጣው ቤቱ በጣም መርከሱ ነው። ስንኙ ሁሉ «እንዲህ አድርጌ፣ እንዲህ ሆኜ» እያለ ያልቃል፤ አድማጭም ቀጣዩን ቃል ከዘፋኙ ቀድሞ ያውቀዋል። ደግሞ አንድ ቀለም ስለሚጨምር ዜማው ያንን የሚያስተናግድ መሆን አለበት።

ያገኛችሁትን ቤት ስትፈትሹ ወረቀቱን አስቀምጡት። አዝማቹን በስልካችሁ ቅዱትና ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሰሙት። «ቤት ይመታል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ከጠየቃችሁት ስህተት መፈለግ ይጀምራል። የመጨረሻውን ቃል ብቻ ቆርጣችሁ አስቀሩና «እዚህ ጋ ምን የሚል ይመስልሃል?» በሉት። «እንቅልፍ» ካለ ወይም ወደዚያ ከተጠጋ፣ ተቀራራቢዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው።

የቀረው ከዘፋኙ ጋር ነው። ብዙ ዘፋኝ በሳድስ የሚያልቅ ቃል ሲደርስ ከኋላው ትንሽ «እ» ይጨምራል፤ «እንቅልፍእ»፣ «ሕልምእ» እንደማለት። በሙሉ ቤት ላይ አይጎዳም። በተቀራራቢ ቤት ላይ ግን ልዩነቱን ያጋልጣል፤ ተነባቢዋ መጥፋት ሲገባት አዲስ ቀለም ጀምራ ትጎላለችና። ስቱዲዮ ስትገቡ ድምፁን «ሕል» ላይ ይጎትት፣ «ም»ን በከንፈሩ ዘግቶ ወዲያው ይተዋት በሉት። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱን ላግዝ ብሎ «ሕልፍ» ወደማለት ይሄዳል። እሱን አስቁሙት። ቃሉ «ሕልም» ነው፤ «ሕልም» ይባል።