«ለእከሌ፣ ለእከሌ፣ ለእከሌ…» ሳይሉ ማመስገን፦ ጥያቄና መልስ

የሰርግ፣ የምርቃትና የሽኝት ሰሞን ሲደርስ በባሕር ዳርም በሐይቁ ዙሪያም ማይክ ተሰጥቶት «እስኪ አመስግን» የማይባል ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያች የምስጋና ክፍል ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከደቅ ደሴት፣ መምህር፦ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሊመረቅ ነው። ኮሚቴው 27 ስም ጽፎ ሰጥቶኛል። ማንም ሳይቀየመኝ እንዴት ልጥራቸው?

መጀመሪያ በሰዓት ይለኩት። ስም ከነአባትና ከነማዕረጉ ተጠርቶ ትንፋሽ እስኪወሰድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 27ቱ ሲደመሩ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህም በየመካከሉ አንድም ቃል ሳይጨመር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አድማጩ የሚጠብቀው የራሱን ስም ብቻ ነው። የተጠራው ጆሮውን ያነሳል፣ ያልተጠራው ይቆጥራል።

ከርዝመቱ የሚብሰው ግን የቋንቋችን አሠራር ነው። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ለአቶ እከሌ፣ ለወይዘሮ እከሊት፣ ለአቶ እከሌ…» ብለው ሲጀምሩ ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ አድማጭ ገና አልሰማም። ስሞቹን ባዶ ተሸክሞ «…ምስጋናዬን አቀርባለሁ» እስኪባል ይጠብቃል፤ ሲደርስም ማሰሪያው ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ይገልብጡት፦ ሥራው ይቅደም፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ። «በክረምት ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ሸራ አልብሰው አጠገቡ ያደሩት ጋሽ እከሌ ናቸው።» ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ጭብጨባውም ሳይጠየቅ ይመጣል።

በዚህ መንገድ 27 ሰው መጥራት አይቻልም። ሦስት ሰው ወይም ሦስት ቡድን ይበቃል። የቀሩት ስሞች በትልቅ ፊደል ተጽፈው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይሰቀሉ። እርስዎም «የሁሉም ስም በሩ ላይ አለ፤ ስትገቡ አንብቡት» ይበሉ። ከተነበበ ስም የተሰቀለ ስም ይቆያል።

ከፖሊ ግቢ፣ ተማሪ፦ ለእኔ ስም የሚባል ነገር ጨርሶ መቅረት አለበት። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብሎ መቀመጥ ነው የሚያዋጣው።

ግማሹ እውነት ነው፤ የስም ዝርዝር ጆሮ ይዘጋል። «ሁላችሁንም» ግን ማንንም አይነካም። የለፋውም ለምሳ ብቻ የመጣውም እኩል ይሰሙታል፣ የለፋው ደግሞ ያን ያውቃል። በእኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ደክሞ ሳይጠራ ሲቀር ቅሬታው ዓመት ያልፋል። መቅረት ያለበት ስም ሁሉ ሳይሆን ሥራ ያልተነገረለት ስም ነው።

«ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅርታ» የሚለው መዝጊያም ያው ነው። የተረሱትን «የተረሱ» ብሎ ይለያቸዋል። ከይቅርታው ይልቅ ቡድኑን በሥራው መጥራት ይሻላል፦ «ድንጋይ ያቀበላችሁ ወጣቶች» ሲባል እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ ያስታውሳል።

ከደቅ፣ መምህሩ፦ እሺ ሦስት። ግን የትኞቹ ሦስት? ጀልባ የሰጠን፣ ውሃ የቀዱ እናቶች፣ በነጻ የሠራ አናጢ፣ ውጭ ሀገር ሆነው መጽሐፍ የላኩ ልጆቻችን፣ ወረዳው፣ ሲሚንቶ የጠበቁ ሽማግሌ፣ ሌሎችም አሉ።

ለእያንዳንዳቸው ሁለት ነገር ይጠይቁ። እሱ ባይኖር ምን ይቆም ነበር? ይህን ሲያደርግስ ምን ቀረበት? ለሁለቱም ተጨባጭ መልስ ያለው ሰው ይጠራል። «ሁልጊዜ ከጎናችን ነበር» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ ያ ሰው ለበሩ ዝርዝር ነው። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ መድረክ ላይ ተመስግኖ የማያውቅ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ ከሁሉ በላይ የሚያምነው የእሱን ምስጋና ነው።

ስለ ጀልባው፣ ስለ ውሃውና ስለ አናጢው ትንሽ ዘርዝረው ይጻፉልኝ።

መምህሩ፦ ሲሚንቶው 30 ኩንታል ነበር፤ በሁለት ቅዳሜ ከባሕር ዳር መጣ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ጀልባው ሰው ቢጭን ያተርፍ ነበር። እናቶች ውሃውን ከሐይቁ በጄሪካን አዝለው አወጡ። አናጢው የእጅ ዋጋ አልተቀበለም፤ የታችኛውን መደርደሪያም ለትንንሾቹ ብሎ ዝቅ አደረገው።

ንግግሩ አለቀልዎት። አንድም «ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ሳይገባበት እንዲህ ይሆናል፦

«ሠላሳ ኩንታል ሲሚንቶ ከባሕር ዳር በሁለት ቅዳሜ ተሻገረ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ጀልባ ያለው ሰው ገበያተኛ ጭኖ የሚያተርፍበት ቀን ነው። ሁለቱን ቅዳሜ ለሲሚንቶ የሰጡን ጋሽ እከሌ ናቸው። ጋሽ እከሌ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

«ሲሚንቶው የተቦካበት ውሃ ከሐይቁ እስከዚህ በእናቶች ጀርባ ነው የወጣው። እነዚያ እናቶች ይኸው በግራ በኩል ተቀምጠዋል። እናቶቼ፣ ይህ ግድግዳ በእናንተ ውሃ ነው የቆመው።

«ልጆች፣ ስትገቡ የታችኛውን መደርደሪያ እዩት። እጃችሁ እንዲደርስ ብሎ ዝቅ ያደረገው አናጢያችን እከሌ ነው። ማንም አላዘዘውም። የእጅ ዋጋም አልተቀበለም።»

ከዚያ ለወረዳውና መጽሐፍ ለላኩት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎም የበሩ ዝርዝር። ቀስ ብሎ ተነግሮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስለ ሦስተኛው ልብ ይበሉ፤ ስለ አናጢው ደግነት አንድ ቃል የለም። ያልታዘዘ ሥራ ራሱ ይናገራል። «ቸር፣ ትሑት፣ ቅን» የሚሉትን ቃላት ከደረደሩ ግን አድማጭ የሰማው ነገር መደርደሪያው ሳይሆን ቃላቱ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ባለፈው ሰርግም ሰምቷቸዋል።

ከፋሲሎ፦ «ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ» ማለት ምን ነውር አለው? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ነውር የለውም፤ የቢሮ ደብዳቤ ቃል ነው። «እወዳለሁ» ፍላጎትን ይናገራል፤ ምስጋናው ራሱ ገና አልተነገረም። «ከልብ የመነጨ» እና «ላቅ ያለ»ም በብዙ አፍ ስላለፉ ጆሮ ያልፋቸዋል። «አመሰግንዎታለሁ» ይበሉና ያብቁ። ለአረጋውያን ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ይበልጥ ይገባል፤ ወረታውን መክፈል እንዳልቻሉ አብሮ ይናገራልና። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ድንኳን ከተቀመጡ «ፈጣሪ ይስጥልኝ» ሁሉንም ያቅፋል።

አጠራሩንም አስቀድመው ይወስኑ። ሽማግሌውን በ«እርስዎ» ወይም በገጠሩ ልማድ በ«አንቱ» ከጀመሩ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ይሁን። ደንግጦ መሃል ላይ ወደ «አንተ» መግባት የምስጋናውን ጣዕም ያጠፋዋል።

ባለሥልጣናትንስ? እነሱን ሰላምታው ላይ በማዕረጋቸው ጠርተው ይጨርሱ። ክብርና ምስጋና ሲደባለቁ ነው ዝርዝሩ የሚረዝመው።

ከሽምብጥ፣ የሙሽሪት ወንድም፦ አባታችን አርፈዋል፤ ያሳደገን አጎታችን ነው። እሱን ሳመሰግን ማልቀሴ አይቀርም። ልተወው?

አይተዉት። እንባ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አጎትዎ ላይ ዓይንዎ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ሥራቸውን ሕዝቡን እያዩ ይናገሩ፣ ወደ እሳቸው የሚዞሩት ስማቸው ላይ ሲደርሱ ብቻ ይሁን። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ይሁኑ፤ ድምፅ ቢቆረጥ እንኳ ሐሳቡ ቀድሞ ያልቃል። አንዱን ነገር ብቻ ይምረጡ፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሌሊት ሆስፒታል ማደር፣ የቱንም። «ላደረግክልን ሁሉ» ብለው ከሄዱ ያለቅሱና አድማጭ በምን እንዳለቀሱ አያውቅም። ቢያለቅሱም ይቅርታ አይጠይቁ፤ ዝም ይበሉ፣ ይተንፍሱ፣ ስማቸውን ይጥሩ።

ከቀበሌ 14፦ የምስክር ወረቀቱ ላይስ «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ከማለት ሌላ ምን ይጻፍ?

ጥያቄው ስለ ንግግር ነበር፤ ግን ነገሩ ያው ነው። «የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ በነጻ ስለሠሩ» ተብሎ ይጻፍ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ያየ እንግዳ ምን እንደተሠራ ይወቅ።

ከአባይ ማዶ፣ የእድር ጸሐፊ፦ የገንዘቡ መጠን በንግግር ይነገር ወይስ አይነገር? እኛ ጋ ሁሌ ያጣላል።

ንግግር ላይ ባይነገር እመርጣለሁ። አምስት መቶ ብር የሰጠች ጉልት ቸርቻሪ ከሃምሳ ሺሕ ብር ሰጪ ኋላ ስትጠራ የከፈለችው ዋጋ ይጠፋል። የብሩ ዝርዝር ለሒሳብ ሪፖርት ይቀመጥ።

ጸሐፊው መልሶ፦ ልክ ነው፤ ግን ውጭ ያሉት ልጆች «የላክነው ብር ስንት እንደሆነ በአደባባይ ካልተነገረ መድረሱን በምን እናውቃለን?» ይላሉ። ለእነሱ መጠኑን መናገር ምስጋና ብቻ ሳይሆን መተማመኛ ነው።

ይህ የሚያሳስብ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ድምሩን አንድ ጊዜ መናገርና የእያንዳንዱን በጽሑፍ መላክ አንድ መንገድ ነው። በአንዳንድ እድር ይሠራል፣ በሌላው የተናጠል ድርሻው ካልተጠራ አይረኩም። እድራችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ከደቅ፣ መምህሩ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ወረቀት ይዤ ልውጣ ወይስ በቃሌ?

መዳፍ የምታክል ካርድ ይያዙ፤ በላይዋ ሦስት መስመር ብቻ ይጻፉ፦ «ሁለት ቅዳሜ፣ ጋሽ እከሌ»፣ «ውሃ፣ እናቶች በግራ»፣ «የታችኛው መደርደሪያ፣ አናጢው»። ሙሉውን ከጻፉ ዓይንዎ ከወረቀቱ አይነሳም። ስም እንዳይሳሳት ከመድረኩ በፊት ከራሳቸው ጠይቀው ያረጋግጡ፤ የት እንደሚቀመጡም ይዩ፤ ወደ ባዶ ወንበር ዞሮ ማመስገን ያሳፍራል።

ስሙ አሁን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ አንድ አደጋ አለ፤ አብዛኛው ተናጋሪ መጨረሻ ላይ ድምፁን ይውጣል። ከስሙ በፊት አንድ ትንፋሽ ይቁሙ፣ ስሙን ከሌላው ቃል ጎላ አድርገው ይጥሩ፣ ከዚያ ጭብጨባው እስኪያልቅ ዝም ይበሉ። ምርቃቱ ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ከሆነ ማይኩ ነፋስ ስለሚይዝ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ይቁሙ፤ አለዚያ ተለይቶ የሚጠፋው ያው ስሙ ነው።