ሙሉ የማይል ባትሪ፣ የሚፈላ አሲድ

«የመኪናዬን የ12 ቮልት ባትሪ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክቼ ጠዋት ሳየው፣ ሙሉ መሆኑን የሚያሳየው መብራት አልበራም፤ አሲዱ ግን ይፈላል። የተበላሸው ባትሪው ነው ወይስ ቻርጀሩ?»

ውድ ጠያቂ፣ መልሱ የሚገኘው አሲዱ ከየትኛው ሴል እንደሚፈላ በማየት ነው። ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ የዓይን መከላከያ አድርገው የስድስቱንም ሴሎች ክዳን ይክፈቱ፤ ከዚያም ቻርጀሩን ያብሩና ፊትዎን ሳያስጠጉ ይመልከቱ። በመሙላቱ መጨረሻ ላይ በሁሉም ሴሎች የሚታይ ቀላል አረፋ ጤናማ ነው። አምስቱ በኃይል እየፈሉ አንዱ ጸጥ ካለ ግን የታመመው ባትሪው ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ልክ እንደዚህ ነበር። ሌሊቱን ከቻርጀር ተነቅሎ ካደረ በኋላ 12.6 አካባቢ ማሳየት ሲገባው 10.5 ቮልት አሳየ፤ ይህም የአንድ ሴል ድርሻ የሆነው ሁለት ቮልት ያህል መጥፋቱን ይናገራል። የአሲዱን ጥግግት በሃይድሮሜትር ስለካው አምስቱ ሴሎች 1.26 ሲያሳዩ፣ ጸጥ ያለው 1.10 ብቻ ነበር። ከሰሌዳዎቹ የረገፈው ዝቃጭ ከታች ተከማችቶ ወይም በመካከላቸው ያለው መለያ ተቀድዶ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ሴሉ ኃይል አይይዝም። ቻርጀሩ ደግሞ 14.4 ቮልት ሲደርስ ጉልበቱን ሊቀንስ የተሠራ ስለሆነ፣ በአምስት ሴል ብቻ ከ13.5 ብዙም ማለፍ አቅቶት ሌሊቱን በሙሉ ጉልበት ሲገፋ ያድራል። ሙሉ አለማለቱና መፍላቱ ከአንድ ምክንያት የሚመጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ በቻርጅ ብዛት አይድንም፤ መለወጥ አለበት።

ስድስቱም እኩል የሚፈሉ ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ቻርጀሩ ይዞራል። ጤናማነቱን በሚያውቁት ባትሪ ላይ ይሰኩትና መልቲሜትሩን በባትሪው ጫፎች ላይ ያድርጉ። አውቶማቲክ ቻርጀር ከ14.4 እስከ 14.8 ባለው መጠን ቆሞ፣ በኋላ ወደ 13.5 አካባቢ መውረድ አለበት፤ 15ን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል። መቆጣጠሪያ የሌለው የድሮ ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር ግን በተፈጥሮው ስለማይቆም፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚነቅለው ሰው ያስፈልገዋል።

በሃይድሮሜትር ከመለካትዎ በፊት ውሃ አይጨምሩ፤ አዲሱ ውሃ ከላይ ስለሚቆይ ንባቡን ያሳስታል። ሰሌዳዎቹ ከአሲዱ በላይ ከታዩ ግን ከመሰካትዎ በፊት እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ፤ የቀረውን ቻርጁ ካለቀ በኋላ ይሙሉ። ፈልቶ የተነነው ውሃው ስለሆነ አሲድ ጨርሶ አይጨመርም። መቆንጠጫዎቹንም ከባትሪው የሚያነሱት ቻርጀሩን ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ከሚፈላው ሴል የሚወጣው ሃይድሮጂን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።