ቀልዱ ቃል በቃል ቢነበብስ?

«ፕሮግራመር ነኝ። ለጀርመንና ለአሜሪካ ኩባንያዎች በኢሜይል ሥራ እጠይቃለሁ። ወንድሜ ‘ቀልድ ጣል ካላደረግክበት ማንም አያይህም’ ስላለኝ ‘የጻፍኩት ኮድ ሲሠራ ከሁሉም በላይ የምገረመው እኔ ነኝ’ ብዬ እጀምራለሁ። ከጀርመን አንድም መልስ የለም። ወጪዬን የሚችለው እሱ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ። ያለ ክፍያ ልምምድስ ልቀበል?»

ዝምታው ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ትውጣ።

ፕሮግራመሮች እርስ በርስ ስንቀላለድ እንዲህ እንባባላለን። የሚያውቅህ ሰው ይስቃል፤ ጎበዝ መሆንህን አስቀድሞ ያውቃልና። የማያውቅህ ሰው ግን ያለው ጽሑፍህ ብቻ ነው። እንግሊዛዊ አንባቢ ራስን ዝቅ አድርጎ መቀለድን ስለለመደው እንደ ትሕትና ሊያይልህ ይችላል። ጀርመን ውስጥ የሥራ ማመልከቻ በአብዛኛው መደበኛ ጽሑፍ ነው፤ ቃልህን እንዳለ ሊወስዱት ይችላሉ። «ኮዴ ሲሠራ ይገርመኛል» ያለ ሰው ደግሞ ኮዱን አያምነውም ማለት ነው። አሜሪካዊው ፈገግ ቢል እንኳ ኢሜይልህን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ያ ሰው በምን ስሜት እንደሚያነበው አታውቅም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በኢሜይል የጻፉት አሽሙር ከገመቱት በጣም ባነሰ መጠን ነው የተለየላቸው። በድምፅ ሲናገሩት ግን የተሻለ ተለይቶላቸዋል። ጸሐፊው የራሱን ድምፅ በጆሮው እየሰማ ነው የሚጽፈው፤ አንባቢው አይሰማውም።

ለዓመታት ከውጭ ደንበኞች ጋር በጽሑፍ ብቻ ስሠራ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው። ቀልዱ ቃል በቃል ቢነበብ ይጎዳኛል? የሚጎዳኝ ከሆነ አወጣዋለሁ። ለምሳሌ መተግበሪያቸውን ሞክረህ ችግር አገኘህ እንበል። እንዲህ ልትጽፍ ትችላለህ፦

«ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሞላሁት ቅጽ ይጠፋል። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞላው መልሶቹን በቃሌ ይዤያቸው ነበር። ረቂቁን የሚያስቀምጥ ትንሽ ኮድ ጽፌ አያይዣለሁ።»

ቀልዱ ያልገባው ሰው እንኳ ሦስት ጊዜ እንደሞከርክና መፍትሔ እንዳመጣህ ያነባል። የሚሳቅበትም ሁኔታው ነው፤ አንተም እነሱም አይደላችሁም። ብቻ እውነት ይሁን፤ ያልሞከርከውን ሞከርኩ አትበል።

በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ቀልድ አታድርግ። ለጀርመን በማዕረግና በቤተሰብ ስም ጀምር፤ በጀርመንኛ ከጻፍክ እነሱ «ዱ»፣ ማለትም «አንተ»፣ እስኪሉህ ድረስ «ዚ»ን፣ ማለትም «እርስዎ»ን፣ አትልቀቅ። በመልሳቸው እነሱ ከቀለዱ ያን ጊዜ አንተም በዚያው ልክ ፈታ በል።

ወንድምህ ወጪህን መቻሉ ትልቅ ውለታ ነው። ኢሜይሉን ግን እሱ አይጻፍልህ፤ የሚፈርምበትም የሚጠየቅበትም አንተ ነህ።

ያለ ክፍያ ልምምድ የሚባለውን ደግሞ መጨረሻው ቀንና የሚያስተምርህ ሰው በጽሑፍ ካልታወቀ አትቀበል።