ስለተጠራቀሙ ቲኬቶች ጠይቁኝ፦ የጎንደር ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ

መላሹ፦ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እዚህ ነኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ቲኬት አይሰረዝም፣ ምክንያቱ ተጽፎበት ይዘጋል። ይህን መልሳችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የማራኪዋ፦ ጋሼ፣ የሆቴል ክፍል መያዣ ሲስተም እንሠራለን። ሦስት ሰዎች ነን፤ ባክሎጋችን ላይ 214 ክፍት ቲኬት አለ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ያልነካውን በአንድ ጊዜ ብንዘጋ ምን ችግር አለው?

መላሹ፦ ትልቅ ችግር አለው። እኔም እንዲሁ አድርጌ ተቀጥቻለሁ።

በጥር 2012 የአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ቲኬት ከፈተብን። «የውጭ አገር እንግዳ በከተራ ዕለት ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ ሲስተሙ ላይ ግን የሚገባው በጥምቀት ዕለት ነው» ይላል። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ትርፍ አልጋ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። እኛ በግንቦት ሞከርነው፤ ቀኑ ልክ ነው። በዓመቱ ጥር ሞከርነው፤ አሁንም ልክ ነው። «ሊደገም አልቻለም» ብለን ዘጋነው። በ2016 መስከረም ላይ ያው ነገር ተመልሶ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮዱን የጻፈው ልጅ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ቋሚ ሠንጠረዥ ሠርቷል። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን አዲሱ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21፣ ማለትም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይቆይና ራሱ ይጠፋል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ጳጉሜ 6 ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ድምፁ አይሰማም። በ2011 ጳጉሜ 6 ነበረች፤ ስለዚህ የ2012 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ፣ ሠንጠረዡ ግን 19 ነው አለ። በስድስት ወር ደንብሽ ይህ ቲኬት ሰባት ጊዜ ሞቶ ይቀበር ነበር።

ስለዚህ ዕድሜውን ብቻ አትይ። «ይህ ችግር እንዲታይ ምን መሟላት አለበት? ያ ነገር ከዚያ ወዲህ ተከስቷል?» ብለሽ ጠይቂ። ተከስቶ ማንም ካልጮኸ ዝጊው። ካልተከሰተ የሚከሰትበትን ቀን ጽፈሽ አቆዪው። ሞተ ለማለት የሚያስደፍረው ገጹ ራሱ ከሲስተሙ ሲወጣ ወይም የጠየቀው ደንበኛ ውሉን ሲያቋርጥ ነው። ከ214ቱ ብዙው እንደዚያ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

የፒያሳው፦ ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው። የቱሪስት መጽሐፍ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

የማራኪዋ፦ በ2016ም 20 ነበር እኮ፤ ቀን መቁጠሪያ አውጥተህ እይ።

የፒያሳው፦ አየሁ። 20 ነው። መጽሐፎቹ ግን 19 ይላሉ።

መላሹ፦ ኮዱን የጻፈው ልጅም እንዳንተ መጽሐፍ አምኖ ነው። እንቀጥል።

የአዘዞው፦ እኔ የመድኃኒት ቤት ሲስተም አለኝ። ዕቃው ሲያረጅ፣ ማለትም የአገልግሎት ጊዜው ሲያልፍ፣ ከዝርዝሩ እንዴት ላስወጣ?

መላሹ፦ ወንድሜ፣ ያረጀ ቲኬት ነው ያልነው፣ ያረጀ መድኃኒት አይደለም።

የጠዳው፦ ያረጁትን ለይቶ ለማውጣት ጂራ ላይ ምን ብዬ ልፈልግ?

መላሹ፦ ብዙ ሰው `updated` ይጠቀማል፤ ያታልላል። አንድ ሰው በጅምላ መለያ ቢለጥፍ ሁሉም ዛሬ እንደተነካ ይቆጠራል፣ ያረጀ የሚባል ነገርም ይጠፋል። እኔ ከተከፈተበት ቀን እነሣለሁ፦

```
statusCategory != Done AND created <= -52w
AND sprint is EMPTY ORDER BY created ASC
```

የሚወጣው የሚመረመር ዝርዝር ነው፤ የሚዘጋ ዝርዝር አይደለም። አንድ በአንድ ይነበባል። የከፈተው ሰው ይጠየቅና ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ምክንያቱ ተጽፎ ይዘጋል።

የጠዳው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሰረዝ ይቻላል ማለት ነው?

መላሹ፦ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የሳሙና በሩ፦ ድርብ ቲኬቶችን እንዴት ታዋህዳላችሁ? እኛ ርዕሱ የተመሳሰለውን እናጣምራለን።

መላሹ፦ በርዕስ ማጣመር ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ከዚያው ሆቴል ሦስት ቲኬት ነበረን፦ «እንግዳው አንድ ቀን ቀድሞ መጣ»፣ «ጳጉሜ 6 አይመረጥም» እና «የመስከረም ሪፖርት አንድ ሌሊት ይጎድለዋል»። ርዕሳቸው አይገናኝም፤ ምንጫቸው ግን ያ ሠንጠረዥ ነው። አራተኛው «ከአየር ማረፊያ የሚቀበለው መኪና በተሳሳተ ጊዜ ሄደ» ይላል። ርዕሱን ያየ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያጣምረዋል። ስንመረምረው ግን ሾፌሩ 8:00 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ቀን 8 ሰዓት ብሎ አንብቦታል፣ እንግዳው ግን የጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት ነው። ያ የስድስት ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ከጳጉሜ ጋር አይገናኝም። አጣምረነው ቢሆን ሠንጠረዡን አስተካክለን አራቱንም «ተፈታ» ብለን እንዘጋ ነበር፤ መኪናው ግን ባዶውን መመላለሱን ይቀጥላል።

የኔ መለኪያ አንድ ነው። አንዱን ብናስተካክል ሌላው ያለ ተጨማሪ ሥራ ይጠፋል? ከጠፋ አንድ ናቸው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አገናኙ እንጂ አታጣምሩ። ስታጣምሩም በመረጃ የበለጸገውን አስቀሩ፤ የግድ መጀመሪያ የተከፈተው መሆን የለበትም። የሌሎቹን ቀን፣ የስክሪን ፎቶና የደንበኛ ስም ወደሱ ገልብጡ። የሚዘጋውም አይሰረዝም! ነገ ያ ደንበኛ «የኔስ ቲኬት የት ደረሰ?» ሲል የምታሳዩት አገናኝ ያስፈልጋችኋል።

ባለ አራዳ፦ የስክረም መመሪያ ባክሎግ ለማጥራት ከቡድኑ አቅም 10 በመቶ መድቡ ይላል። እናንተ ስንት ትመድባላችሁ?

መላሹ፦ በ2017 እትሙ ከ10 በመቶ አይበልጥም ይል ነበር፤ ጣሪያ እንጂ ኮታ አልነበረም። በ2020 እትሙ ቁጥሩ ወጥቷል። (ሁለቱም በፈረንጆች።) እኔ በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ሰዓት እመድባለሁ።

ባለ አራዳ፦ አንድ ሰዓት ለ214 ቲኬት አይበቃም።

መላሹ፦ ለመጀመሪያው ጽዳት አይበቃም። ከዚያ በኋላ ይበቃል።

የማራኪዋ፦ አጽድተን 60 ቀረ እንበል። ቅደም ተከተሉን በጥቅም እናውጣ ወይስ በስጋት?

መላሹ፦ ስጋት ስትይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ ባይሠራ የሚመጣው ጉዳት ነው፣ ሌላው ሥራው ራሱ የደበቀው የማናውቀው ነገር ነው። የመጀመሪያው ከጥቅሙ ጋር ይደመራል። ሁለተኛው ጥቅሙ ትልቅ ከሆነ ሥራውን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ጥቅሙ ትንሽ ከሆነ ወደ ታች ይጥለዋል።

የቀን መቁጠሪያውን ውሰጂ። ጉዳቱ የሚመጣው በመስከረም 2020 ነው፤ ከዚያ በፊት የምትሸጡት አንዳች ጥቅም የለውም። ነገር ግን ያልታወቀ ነገር አለበት፤ የቆዩት ማስያዣዎች የተቀመጡት በአንድ ወጥ ቀን ነው ወይስ በአማርኛ ጽሑፍ? በጽሑፍ ከሆነ የትኛው በትክክለኛው፣ የትኛው በተሳሳተው ሠንጠረዥ እንደተቀየረ መለየት ሥራው ሁሉ ነው። ስለዚህ እኛ ለሁለት ከፈልነው። ሁለት ቀን የሚፈጅ ምርመራ ከላይ ተቀመጠ፣ ማስተካከያው ከመሃል። በመካከላቸው የካርድ ክፍያ ገባ፤ ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ሥራውም ይታወቃል። የሪፖርቱን ቀለም መቀየር ታች ወረደ፤ ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ ቢጠይቅም።

የፒያሳው፦ እስከ 2020 ድረስ ጊዜ ካለ ለምን አሁን ከላይ ይቀመጣል? እኔ በ2019 ሰኔ ነበር የማስቀምጠው።

የማራኪዋ፦ የጥምቀት ማስያዣ ግን ከዓመት በፊት ይጀምራል። በ2019 ሰኔ ላይ የ2020 ጥር ክፍሎች በተሳሳተ ቀን ተይዘው ያልቃሉ።

የፒያሳው፦ ለሁሉም ሆቴል አይደለም። የኛዎቹ በኅዳር ነው የሚያስይዙት።

መላሹ፦ እሱንም ሆቴሎቹን ጠይቁ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ አልፈርድም።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ የመድኃኒቱም የአገልግሎት ጊዜ በጳጉሜ ምክንያት ይዛባ ይሆን?

መላሹ፦ በቋሚ ሠንጠረዥ ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይረው ከሆነ አዎ፣ በአንድ ቀን። ዛሬ ከጠየቅኸው ሁሉ ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቲኬት ክፈትለት፣ የሚታይበትንም ወር ጻፍበት። 2 ሰዓት ሆነ፤ ልሂድ።