ሚዛኑ ላይ የተቀመጡት አባት፦ አጭር ልቦለድን ወደ ፊልም ጽሑፍ ለምትመልሱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ፊልም ለመሥራት የምትለፉ ወጣቶች ስክሪፕታችሁን ስታመጡልኝ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ብዙዎቻችሁ ከአጭር ልቦለድ ነው የምትነሡት። ምርጫው ጥሩ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይና ጥቂት ቦታ ስላለው ለአጭር ፊልም ይመቻል። ግን ከገጽ ገጽ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። "በሐሳብ ተውጦ ተቀምጧል። ያለፈው ነገር ትዝ ይለዋል። ይቆጨዋል።" ይህን ተዋናዩ ምን አድርጎ ያሳየው? ተመልካቹ የሚያየው ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳችሁ። ልቦለዱን ለዚሁ ብዬ ራሴ ፈጥሬዋለሁ። አባ መጫ የሚባሉ የማና ወረዳ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ጀንፈላቸውን ጅማ ላለ አንድ ቡና ሰብሳቢ ይሸጣሉ። የሰውየው ሚዛን እንደሚያጎድል ያውቃሉ፤ ጎረቤታቸው ነግሯቸዋል። ግን አይናገሩም። ክረምት ላይ እጅ ሲያጥራቸው ከዚሁ ሰው ብር ወስደዋል። ልቦለዱ ውስጥ ሚዛኑ ፊት ቆመው ሁለት ገጽ ሙሉ ያስባሉ። ልናገር? ብናገር የሚቀጥለው ክረምት ማን ያበድረኛል? በመጨረሻ የተሰጣቸውን ተቀብለው ዝም ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ይህን ወደ ፊልም ስትመልሱ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የአባ መጫን ድምፅ ከጀርባ ማስነበብ ነው፤ ቮይስ ኦቨር የምትሉት። ሁለተኛው አንድ ጓደኛ ፈጥራችሁ ሚዛን ቤቱ በር ላይ "ታውቃለህ ወይ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ይሰርቀኛል" ማስባል ነው። ቮይስ ኦቨርን አልጠላም። ድምፁ የሚለው ነገር ከምናየው የተለየ ሲሆን ጥሩ መሣሪያ ነው። የምናየውን መልሶ የሚነግረን ከሆነ ግን ልቦለዱን በሥዕል አጅባችሁ እያነበባችሁልን ነው። ጓደኛውም ከማዳመጥ ሌላ ሥራ ከሌለው ያው ቮይስ ኦቨር ነው፤ ልዩነቱ ኮት መልበሱ ብቻ ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የሐሳቡን አንቀጽ በእርሳስ እከፋፍለዋለሁ። ሰውየው የሚያውቀው ምንድን ነው? የሚፈራውስ? የአባ መጫ ሁለት ገጽ ሲጨመቅ ሁለት ነገር ነው የሚወጣው። ሚዛኑ እንደሚያጎድል ያውቃሉ። ዕዳውን ይፈራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ፣ ያንን ሐሳብ ያላሰበ ሰው ሊያደርገው የማይችል ድርጊት እፈልጋለሁ። መተከዝ አይሆንም፤ ማንም በምንም ምክንያት ይተክዛል። መቆጣትም አይበቃም። ድርጊቱ ለዚያ ሐሳብ ብቻ የተሰፋ መሆን አለበት።

ለመጀመሪያው ያገኘሁት ይህ ነው። አባ መጫ ጆንያውን ከመጫናቸው በፊት ራሳቸው ሚዛኑ ላይ ይቀመጣሉ። ክብደታቸውን ጤና ጣቢያ ተመዝነው ያውቁታል፤ 58 ኪሎ ናቸው። የሰብሳቢው ሚዛን 53 ይላል። ማንም ምንም ሳይናገር ስርቆቱ መሃል ላይ ተዘረገፈ። ለሁለተኛው ሐሳብ ነጋዴው ራሱ ይመልስላቸው። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ የዕዳ ደብተሩን የአባ መጫ ገጽ ላይ ገልጦ ፊታቸው ያስቀምጠዋል። አባ መጫ ያዩታል። ከሚዛኑ ይወርዳሉ። ሁለቱ ገጽ ሐሳብ በዚህ አለቀ።

እዚህ ላይ ፈትኑት። ልቦለዱን ላላነበበ ሰው ትዕይንቱን ብቻ ስጡትና "ሽማግሌው ምን እያሰቡ ነው?" በሉት። "አውቄብሃለሁ እያሉት ነው፤ ግን ተይዘዋል" ካለ ገብቶታል። "አዝነዋል" ብቻ ካለ ድርጊቱ ገና አልጠበበም ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ፈልጉ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ልቦለዱ ውስጥ አባ መጫና ነጋዴው አሉ፤ የሚነግራቸው ጎረቤት አለ፤ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ አለ፤ ጅማ የምትኖር ልጃቸው ከድጃ አለች፤ የሚያስታርቁ ሽማግሌም አሉ። ልቦለድ ውስጥ ሰው ማስገባት ወጪ የለውም። ፊልም ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ፊት ነው። ተመልካቹ ማን እንደሆነ እስኪለየው ጊዜ ይፈልጋል፤ በ15 ደቂቃ ፊልም ያ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ከየስማቸው አጠገብ ለታሪኩ የሚሠሩትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ጎረቤቱ ምስጢሩን ያወጣል። ጸሐፊው ሐሰተኛውን ቁጥር ይመዘግባል። ከድጃ አባ መጫ የሚሳሱላት ሰው ናት። ሦስቱንም ሥራ አንድ ሰው ሊሠራው ይችላል? ከድጃ የነጋዴው ጸሐፊ ብትሆንስ? አሁን የአባቷን ኪሎ አጉድላ የምትጽፈው ልጃቸው ናት። ሁለት ሰው ቀነስን፤ ታሪኩ ግን ከበደ። ጥሩ ውህደት የሚታወቀው በዚህ ነው። የሰው ቁጥር ሲቀንስ በቀረው ሰው ላይ ያለው ጫና መጨመር አለበት።

ግን ውህደት ሒሳብ ያመጣል። ጎረቤቱ ስለ ሚዛኑ የነገራቸው ታሪኩ መሃል ላይ ነበር። ከድጃ ግን ሥራ ከጀመረችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አለች? ይህን ጥያቄ ካልመለሳችሁ ተመልካቹ ይይዛችኋል። እኔ የመለስኩት ደሞዟ የታናሽ ወንድሟን ትምህርት ይከፍላል በማለት ነው። ያም ንግግር አያስፈልገውም፤ ደሞዟን ተቀብላ ቆጥራ ለወንድሟ ስትሰጠው አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ሁለት ሰዎችን ባዋሃዳችሁ ቁጥር ጽሑፉን ከመጀመሪያ እንደገና አንብቡ። አዲሱ ሰው ምን፣ መቼ ያውቃል? እዚያ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል? አብዛኛው ስህተት የሚደበቀው እዚህ ነው።

የማይዋሃዱም አሉ። ሽማግሌውን ከነጋዴው ጋር አዋህዱ ያለኝ ሰው ነበር፤ ሁለቱም "ነገሩን አታክርሩት" የሚሉ ስለሆኑ። ነጋዴው የሚለው ለጥቅሙ ነው፤ ሽማግሌው ለሰላም ብለው ነው። ቃሉ ቢመሳሰልም ከአባ መጫ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ወይ ለብቻ ይቆዩ ወይ ጨርሶ ይውጡ። እኔ ሽማግሌውን አስወጥቻቸዋለሁ፤ ደብተሩ ሥራቸውን ሠርቶታል።

ወደ ቆረጣው ስንመጣ ልብ የሚያምም ነገር አለ። ልቦለዱ የክረምት ብድር የሚወሰድበት ቆንጆ ትዕይንት አለው። ዝናብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ብር። ቆረጥኩት። የቡና ለቀማው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ብድሩ ክረምት ላይ። ለአንድ ትዕይንት ሲባል ባለሙያውን ሁሉ በሁለት ወቅት ማሰባሰብ አለባችሁ። የቆረጥኩት ግን በወጪው ብቻ አይደለም። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ዕዳ ያንኑ ስለሚነግረን ነው። የሐሙስ ገበያውም ወጣ። ገበያው ለዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን አባ መጫ ገብተው ሲወጡ ምንም አልተለወጠባቸውም።

አንድ ትዕይንት ግን ትርፍ መስሎ ቆየ፤ ጤና ጣቢያው። ሲነበብ ምንም የማይሆንበት ነው። ካወጣችሁት ግን አባ መጫ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጡ ተመልካቹ "ምን ሆነው ነው?" ይላል። ስትቆርጡ የምታወጡትን ትዕይንት ብቻ አትዩ፤ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ከእሱ ምን ተበድሮ እንደነበር እዩ። ጤና ጣቢያውንም ለቁጥሩ ሲባል ብቻ የተሠራ አታስመስሉት። አባ መጫ የሄዱት ሳል ይዟቸው ነው። ነርሷ እንደ ወትሮው ትመዝናቸዋለች፤ "58" ብላ ትጽፋለች። እሳቸው የሚጨነቁት ለመድኃኒቱ ዋጋ ነው። ተመልካቹም ቁጥሩን ሳያስተውል ይዞት ይሄዳል።

የመጨረሻው ትዕይንት ወረቀት ላይ እንዲህ ሆነ።

ውስጥ። የሰብሳቢው መጋዘን። ቀን።

አባ መጫ ጆንያውን ትተው ሚዛኑ ላይ ይቀመጣሉ። መርፌው 53 ላይ ይቆማል።

ነጋዴው መርፌውን ያያል። ወደ ከድጃ ይዞራል።

ነጋዴው፦ የአባትሽን ገጽ አውጪላቸው።

ከድጃ ደብተሩን ትገልጣለች። አባ መጫ ያነባሉ። ይወርዳሉ። ጆንያውን ሚዛኑ ላይ ይጭናሉ። መርፌው 46 ይላል።

ከድጃ እስክሪብቶዋን ታነሣለች።

ከድጃ፦ ሃምሳ አንድ።

ልብ በሉ፤ ደብተሩን የምትገልጠው አሁን ከድጃ ናት። ይህን ያመጣው ውህደቱ ነው። ሐሳብን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ሰው ማዋሃድና መቁረጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይመስላሉ፤ ስትሠሩ ግን አንዱ ሌላውን ይጠራል።

መጨረሻው ከልቦለዱ እንደተለየም አይታችኋል። አባ መጫ ዝም ብለው አልሄዱም፤ ልጃቸው ተናገረች። ልቦለዱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን በራሴ ሥልጣን ማድረግ አልችልም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ መመለስ የደራሲው መብት ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ሰው ማዋሃድና መጨረሻ መለወጥ እንደሚፈቀድ ስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይግባ። "ጓደኛዬ ነው፣ ምንም አይልም" አትበሉ። ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚቀየመው ገጸ ባሕርዩ ሳይነገረው ሲጠፋበት ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ልማድ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ በአንድ በተወሰነ የፊደል ዓይነትና መጠን የተለመደ ነው። በአማርኛ እንዲሁ አትመኑት፤ በተለይ ከላይ እንዳለው ንግግሩ ጥቂት፣ ድርጊቱ ብዙ ሲሆን። ሰዓት ይዛችሁ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ድርጊቱንም ክፍል ውስጥ ተነሥታችሁ ሥሩት። ጆንያ ማንሣት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ የሚነግራችሁ ጆንያው ነው። ከታሰበው ጊዜ ካለፈ መጀመሪያ የትዕይንቶቹን አገባብና አወጣጥ ቁረጡ። አባ መጫ በር ከፍተው፣ ሰላም ብለው፣ ወንበር ስበው አይግቡ፤ ሚዛኑ ፊት ቆመው እናግኛቸው።